በተለያየ የሰዓት ክልል ለሚኖሩ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ሳምንታዊ የኬዝ ውይይት ስለ መምራት



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ነው። የሕክምና ትምህርታቸውን ሊያጠናቅቁ የተቃረቡ፣ ነገር ግን በአንድ ከተማም ሆነ በአንድ የሰዓት ክልል የማይኖሩ ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ ኬዝ በበይነ መረብ የሚወያዩበት ቡድን እንዴት ይመራል? እኔ የምመራው ቡድን 12 አባላት አሉት። ገሚሶቹ በአዲስ አበባና በጎንደር፣ የቀሩት በጀርመን፣ በእስራኤልና በሰሜን አሜሪካ የሚማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ራቅ ባለ ወረዳ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሌሊት ብቻቸውን ተረኛ ይሆናሉ። የሚማከሩት ሰው በአጠገባቸው በሌለበት ሰዓት እንዴት እንደሚያስቡ ነው እኛ በየሳምንቱ የምንለማመደው።

ስለ ቡድኑ የሚሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ሁሉንም በአንድ ሰዓት እንዴት ትሰበስባቸዋለህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከባዱ ሥራ እሱ አይደለም። ከባዱ ሥራ እያንዳንዱ ተማሪ የሌላውን አሳብ ከመስማቱ በፊት የራሱን አሳብ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ በአልጋው ዙሪያ ቆመን ስንወያይ ይህ ከቶ አይሳካም ማለት ይቻላል። አንጋፋው ሐኪም ፊቱን ሲያኮሳትር ተማሪው መልሱን ይለውጣል፤ ቀልጣፋው ሲናገር ዝምተኛው «እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር» ይላል። በሰዓት የተራራቁ ሰዎች ግን ኬዙን አስቀድመው በጽሑፍ ከመቀበልና በጽሑፍ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ርቀቱ ያስገደደን ይህ አሠራር፣ በአንድ አዳራሽ ብንሰበሰብም ኖሮ ልንመርጠው የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ሰዓቱ ልጀምር። የምንገናኘው እሑድ፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በባሕር ማዶው አቆጣጠር 17:00 ማለት ነው። ቅዳሜን የተውነው በእስራኤል ሰንበትን የሚያከብሩ አባላት ስላሉ ነው። የእሑድ ጠዋትም ለቤተ ክርስቲያን ስለሚያስፈልግ አልነካነውም። በእስራኤል ግን እሑድ የሥራ ቀን ነውና በዚያ ያሉት ከሆስፒታል ወጥተው በመንገድ ላይ ሆነው የሚገቡበት ጊዜ አለ። ሁሉን የሚያስደስት ቀን የለም፤ የማይቻልን ቀን ከማይመች ቀን መለየት ግን ይቻላል።

ሰዓቱን ከአዲስ አበባ ጋር ያሰርነው ኢትዮጵያ በዓመት ውስጥ ሰዓቷን ስለማትቀይር ነው። በብርዱ ወራት የእኛ 17:00 በበርሊን 15:00፣ በቴል አቪቭ 16:00፣ በዋሽንግተን 9:00፣ በሎስ አንጀለስ 6:00 ነው። በሙቀቱ ወራት እነዚህ ሁሉ አንድ አንድ ሰዓት ይጨምራሉ። (ሆን ብዬ «ክረምት» እና «በጋ» አላልኩም። ክረምት ሲባል የአዲስ አበባው ተማሪ ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል፤ የበርሊኑ ደግሞ ታኅሣሥንና ጥርን። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ልዩነት ሊተላለፉ ይችላሉ።)

ችግሩ የሚመጣው አገሮቹ በአንድ ቀን ስለማይቀይሩ ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን ወደፊት ታስኬዳለች፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ፤ እስራኤል ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ። ሲመለስም አውሮፓና እስራኤል በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ስለዚህ በማርች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት፣ በበልጋቸው ደግሞ ለአንድ ሳምንት፣ የለመድነው የሰዓት ልዩነት ይፈርሳል። የዋሽንግተኑ ተማሪ «በርሊን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች» ብሎ ከጓደኛው ተነሥቶ የሚያሰላ ከሆነ በእነዚያ ሳምንታት ይሳሳታል፤ ልዩነቱ 5 ሆኗልና። ሁሉም የሚያሰላው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከሆነ ግን ለውጡ የሚደርስበት የራሱ ከተማ ሰዓት በሚቀየርበት ቀን ብቻ ነው። የስልኩን ቀን መቁጠሪያ `Africa/Addis_Ababa` በሚለው ክልል ላይ የቀጠረ ሰው ይህንንም ማሰላት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ወጥመድ የራሳችን አቆጣጠር ነው። «11 ሰዓት» ብሎ የጻፈ የጎንደር ተማሪ 17:00 ማለቱ ነው፤ በጀርመን ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ግን ረፋድ ላይ ይገባና ማንንም አያገኝም። በቃል ስንነጋገር «11 ሰዓት» እንላለን፤ ስንጽፍ ግን ሁልጊዜ «17:00 በአዲስ አበባ» ብለን ነው። በጽሑፍ ለሚላክ ነገር የጊዜ ገደብ ስናበጅም «ቅዳሜ ሌሊት» አንልም። ለአንዱ ቅዳሜ ሌሊት ማለት ለእሑድ አጥቢያ ነው፤ ለሌላው ከዓርብ ወደ ቅዳሜ የሚያሻግረው ሌሊት ነው። ገደባችን ከውይይቱ በፊት ልክ 24 ሰዓት፣ ማለትም ቅዳሜ 17:00 በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ውይይቱ የሚገባበትን ሰዓት ያወቀ ሰው ገደቡንም አወቀ።

ሰዓቱን በየሳምንቱ በማዛወር መከራውን እኩል እንድናካፍል የሚመክሩኝ አሉ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ እኔ ግን አልስማማም። በየሳምንቱ የሚዛወር ሰዓት ለማንም ልማድ አይሆንም፤ ተረኝነቱን አስቀድሞ ለማስተካከል የሚፈልግ ተማሪም የሚያስተካክለው ነገር ያጣል። የሎስ አንጀለሷ ተማሪያችን በብርዱ ወራት ጎሕ ሳይቀድ እንደምትነሣ እናውቃለን። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ኬዝ የማቅረብ ተራ አይደርሳትም፤ ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች፣ የማቅረቡን ድርሻ በሙቀቱ ወራት ትወጣለች።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አቅራቢው ተማሪ ኬዙን ረቡዕ ለሁሉም ይልካል፤ ሆኖም ሙሉውን አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ የሕመምተኛውን አቤቱታና ታሪክ ብቻ ይይዛል፤ የአካል ምርመራ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና ምስል አይኖሩበትም። እያንዳንዱ አባል እስከ ገደቡ ድረስ ለአወያዩ ብቻ ሦስት መስመር ይጽፋል። በመጀመሪያው መስመር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠረጥረውን በሽታ፣ በሁለተኛው የመሆን ዕድሉ ቢያንስም ካለፈ የሚገድለውን፣ በሦስተኛው ደግሞ ምን ቢያገኝ አሳቡን እንደሚቀይር ያሰፍራል። ከሦስቱ ዋናው ሦስተኛው ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን በደቂቃ ይጽፉና በሦስተኛው ላይ ይቆማሉ።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። የማቀርበው ኬዝ የአንዲት ሴት ታሪክ ሳይሆን ለማስተማሪያ ተብሎ ከብዙዎች የተቀናበረ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል። የ24 ዓመት ሴት፣ ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች፣ ሰባት ወር የሞላት፣ ከገጠር የመጣች። «ትንፋሽ ያጥረኛል» ትላለች፤ ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እየባሰ መጥቷል። ትሳላለች፤ አክታዋ ሁለት ጊዜ ደም ቀላቅሏል። ሌሊት አፍኗት ትነሣለች፤ ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አትችልም። የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላግላለች። በልጅነቷ «ቁርጥማት ነበረብኝ» ብላለች።

የተላኩት መስመሮች በአገር ተከፋፍለው መጡ። በኢትዮጵያ ያሉት አብዛኞቹ ሳልና ደም ሲያዩ ሳንባ ነቀርሳን አስቀደሙ። በጀርመንና በአሜሪካ ያሉት እርግዝናንና የትንፋሽ ማጠርን አገናኝተው፣ የረጋ ደም የሳንባን የደም ሥር ዘግቶ ሊሆን ይችላል አሉ። ሁለቱም ወገኖች ያሰቡት በየክፍላቸው ዘወትር የሚያዩትን ነው፤ አያስወቅስም። እርግዝና የደም መርጋትን አደጋ ስለሚጨምር የሁለተኛው ወገን መልስ በሁለተኛው መስመር ላይ ቢቀመጥ ፍጹም ትክክል ነበር። ከ12ቱ የልብ ቫልቭን የጠረጠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

አወያዩ እነዚህን መስመሮች እሑድ ከመድረሱ በፊት አንብቧል። ስለዚህ ማን በቅድሚያ እንደሚናገር ያውቃል። ደንባችን በቁጥር ያነሱት ይቅደሙ የሚል ነው። ብዙኃኑ ከቀደሙ ጥቂቶቹ የጻፉትን ትተው ዝም ይላሉ፤ ጥቂቶቹ ከቀደሙ ግን ብዙኃኑ ለመመለስ ይገደዳሉ። ሆኖም በዚህ ኬዝ ውይይቱን ያዞረው ከሁለቱ የአንዱ ንግግር አልነበረም። በጀርመን ያደገችው ተማሪ «ይቅርታ፣ ቁርጥማት ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። የአዲስ አበባዎቹ ቃሉን ያውቁታል፤ ከመልመዳቸው የተነሣ አልፈውታል። ቁርጥማት የማያነሣ ሕመምተኛ አለ ወይ? አንዱ ተማሪ ሊያስረዳት ሲጀምር አቅራቢውን ይጠይቅ ዘንድ ግድ ሆነበት፦ የትኛው መገጣጠሚያ ነበር? ያብጥ ነበር? ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር? መልሱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት፣ እያበጠ፣ እየተዛወረ የሚል ሆነ። በልጅነት የደረሰ የሩማቲክ ትኩሳት ማለት ነው፤ እሱም የልብን ቫልቭ ጠባሳ አስይዞ ከዓመታት በኋላ ያጠብበዋል።

የሕመምተኛው ቃል በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዳለ፣ ሳይተረጎም እንዲጻፍ የምናስገድደው ስለዚህ ነው። አቅራቢው ቁርጥማትን «የመገጣጠሚያ ሕመም» ብሎ ቢተረጉመው ኖሮ ቃሉ ለሁሉም ግልጽ ይሆንና የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር። «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው»፣ «ጨጓራዬን» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ከተማ የተሰበሰበ ቡድን እነዚህን ቃላት የሚያውቅ ስለሚመስለው አይመረምራቸውም። ቃሉ እንግዳ የሆነበት አንድ አባል በመካከላችን መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ገጽ የሚከፈተው በውይይቱ መካከል ነው። የልብ ምት በደቂቃ 118፣ የደም ግፊት 100/60፣ ትንፋሽ በደቂቃ 32፣ ኦክስጅን 88 በመቶ፣ ትኩሳት የለም። በሁለቱም ሳንባዎች ግርጌ የመንጫጫት ድምፅ ይሰማል፤ እግሮቿ እኩል ናቸው። እዚህ ላይ አወያዩ ምርመራ እንዲያዙ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «አሁን ሌሊት ነው፤ ብቻህን ነህ፤ በሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ነው። አንዱ ግፊቷ ዝቅ ማለቱን አይቶ በደም ሥር ፈሳሽ እሰጣለሁ ይላል። ሌላው የሚያፍናት አስም ነው ብሎ ሳልቡታሞል ያዛል።

ሁለቱም ትእዛዞች ይህችን ሴት ሊገድሏት ይችላሉ። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ መያዝ ይበቃል። ደም ከላይኛው የግራ ልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፈው ልብ በምትዝናናበት ቅጽበት ነው። በሩ የጠበበ ከሆነ ለማለፍ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እርግዝና የደሙን መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ጭማሪው ከፍ የሚለውም በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር አካባቢ ነው። የልብንም ምት ያፈጥናል፤ ምቱ ሲፈጥን የመዝናኛው ቅጽበት ያጥራል። ብዙ ደም፣ ጠባብ በር፣ አጭር ጊዜ፤ ያላለፈው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ፈሳሽ መስጠት በበሩ ላይ የሚገፋውን ደም ይጨምራል፤ ሳልቡታሞል ልብን ያፈጥናል። የሚያስፈልጋት ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኦክስጅን፣ ፈሳሹን የሚያስወጣ ፉሮሴማይድ፣ ከዚያም የልብን ምት በጥንቃቄ ዝግ የሚያደርግ እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ መድኃኒት፣ በመጨረሻም የልብ አልትራሳውንድ ወደሚገኝበት ቦታ መላክ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በሰላም መገላገሏም አያዘናጋም፤ ጥበቱ በየዓመቱ እየጨመረ የሚሄድ ነውና።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቅዳሜ የጻፈውን ሦስተኛ መስመር ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል። «አንድ እግር አብጦ ቢገኝ» ብሎ የጻፈ እግሮቹ እኩል መሆናቸውን ሰምቷል፤ አሳቡን ቀየረ ወይስ አልቀየረም? የነቀርሳው ወገንስ ትራስ ደራርቦ መተኛት በምን ይገለጻል? ከአንድ ሰዓቱ ሩቡን ለዚህ እንተዋለን። ከሁሉም የምሳሳለት ክፍል ይህ ነው።

ቡድኑ እየታመመ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው የሚላኩት መስመሮች በቃላቸው መመሳሰላቸው ነው። ዘግይተው የሚመጡት ቀድመው የመጡትን ከመሰሉ ተማሪዎቹ በቴሌግራም ተማክረዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ መቆጣት አይጠቅምም። ይልቁንስ «ባትስማሙ ምንም አይጎድልባችሁም» የሚለውን በነጥብ አለመስጠት ማሳየት ያስፈልጋል፤ እኛ ለመስመሮቹ ነጥብ አንሰጥም። ሁለተኛው ምልክት ብርቅዬ በሽታዎች መብዛታቸው ነው። አቅራቢዎች ጓደኞቻቸውን ለማሸነፍ ሲሉ ከመጽሐፍ ጫፍ የተለቀመ ኬዝ ማምጣት ይጀምራሉ፤ በሁለት ወር ውስጥ ማንም የተራ በሽታን ስም በመጀመሪያው መስመር ለመጻፍ ይፈራል። ስለዚህ የተለመደ በሽታ ባልተለመደ መልክ የመጣበትን ኬዝ እንመርጣለን። ሦስተኛው ዝምታ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በበይነ መረብ የሚሰማ ዝምታ ሁሉ አለማወቅ አይደለም። ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ማይክሮፎን ለመክፈት ጊዜ ይወስዳል፣ የጎንደሩ ተማሪ መብራት ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። አወያዩ ከጠየቀ በኋላ በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር፤ ከዚያም በስም ይጥራ።

መስመር ስለሚቋረጥ ኬዙን አቅራቢው ብቻ አይይዘውም። ሙሉው ጽሑፍ በአወያዩም እጅ አለ። አቅራቢው ቢጠፋ ውይይቱ ይቀጥላል። ካሜራ አናስገድድም፤ የሞባይል ዳታ ውድ ነው፤ ምስሉም ለማሰብ የሚጨምረው ነገር የለም።

ውይይቱን አንቀርጽም። ይህ አቋም ተቃውሞ ያጋጥመዋል፤ ያልቻለ ሰው በኋላ እንዲሰማው ለምን አይቀረጽም? የተቀረጸ ድምፅ ከማን እጅ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ የሕመምተኛው ታሪክ ደግሞ የእኛ ንብረት አይደለም። ስም፣ ቀበሌ፣ ሆስፒታልና ቀን ከጽሑፉ ይወጣሉ። ተማሪዎች የሚዘነጉት ግን የራጅ ምስል ነው። የሕመምተኛው ስምና የካርድ ቁጥር በምስሉ ማዕዘን ላይ ታትሞ ይገኛል፤ በስልክ ሲነሣ ከነስሙ ይተላለፋል። ስለዚህ ምስል ሁሉ በቅድሚያ ለአወያዩ ይላካል፤ ማዕዘኑ ተቆርጦ ካልሆነ ለቡድኑ አይወጣም። ያልቻለው ተማሪ አቅራቢው በሁለት ቀን ውስጥ የሚጽፈውን አንድ ገጽ ያነባል፤ እሱም ለመከታተል ይበቃዋል።

በመጨረሻ ይህ አሠራር የማይደርስበትን ልንገራችሁ። የጠበበው ሚትራል ቫልቭ የሚያሰማው ድምፅ ዝቅተኛና ጎርናና ነው። ሕመምተኛዋን በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ የስቴቶስኮፑን ደወል በልቧ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ በማስቀመጥ ነው የሚሰማው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ የተቀዳውን ድምፅ በስብሰባው ላይ እንድናሰማ ጠይቀው ነበር። የስልክና የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ በደንብ አያወጣም፤ የስብሰባው ፕሮግራምም ጫጫታን ለመቀነስ ተብሎ በተሠራው ዘዴው የልቡን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። የሰማነው ምንም አልነበረም፤ አንዱ ግን «ሰማሁ» አለ። አሁን ፋይሉን አስቀድመን እንልክና በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙት እናደርጋለን፤ ያም ቢሆን በግማሽ ነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሁሉም አንድ የቤት ሥራ ተሰጠ። እያንዳንዱ ባለበት ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባም ሆነ በበርሊን፣ በግራ ጎኑ አስተኝቶ ያዳመጠውን የአንድ ሕመምተኛ ልብ፣ የሰማውንና ያልሰማውን፣ በአምስት መስመር ጽፎ ለሚቀጥለው እሑድ ይዞ ይመጣል።